«አቢክ» ማለት አባትሽ ማለት አይደለም

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከሪያድ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ፍሪጅ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በአረብኛ የተጻፉ ዘጠኝ አጫጭር መስመሮች። ከሥሩ የድምፅ መልእክት አለ፦ «ወንድሜ፣ ማዳም ናት የለጠፈችው። ፊደሉን አውቀዋለሁ፣ ምን እንደሚል ግን ወላሂ አልገባኝም። ቶሎ ተርጉምልኝ።»

ይሄን ጽሑፍ ከምታነቡት መካከል እንዲህ ዓይነት ፎቶ ደርሷችሁ የሚያውቅ ብዙ እንደምትሆኑ እገምታለሁ። በተለይ የኛ አገር ልጆች። ከደሴ ተነስታችሁ በአቀስታ አድርጋችሁ ወደ መካነ ሰላም ስትመጡ፣ በየመንደሩ አንድ ሰው ሪያድ፣ ጅዳ፣ ኩዌት ወይም ቤይሩት ያልላከ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ሰው የሄደበት ቤት ሁሉ ደግሞ እቤት የቀረ አንድ ባለ ስማርት ስልክ አስተርጓሚ አለው። ደመወዝ የለውም፣ ሥልጠና አልወሰደም፣ ግን የሚሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። እኔ ይሄንን የተረዳሁት ዘጠኙን መስመሮች ተርጉሜ፣ አንዱን ተሳስቼ፣ የአክስቴ ልጅ ሽንት ቤት ውስጥ ትንፋሽ ካጠራት በኋላ ነው።

የተሳሳትኩት አረብኛ ስላልገባኝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄን አልጽፍም ነበር። የተሳሳትኩት ከአንድ በላይ አረብኛ እንዳለ ስላላሰብኩ ነው።

የአክስቴ ልጅ ፊደሉን የምታውቀው ወሎ ስለሆነች ነው። እኛ አካባቢ ልጅ ገና ትምህርት ቤት ሳይገባ ቁርአን ይቀራል። የወሎ ደረሳ ሲባል ቀላል ነገር አይደለም፤ ለነህው፣ ለአረብኛ ሰዋስው ማለቴ ነው፣ ከሩቅ የሚኬድበት አገር ነው። ስለዚህ ልጅቷ አሊፍ ባ ታን ታውቃለች፣ ቁርአን አኽትማለች። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ መቅራትና መረዳት የተለያዩ ናቸው፤ ብዙዎቻችን የቀራነውን ትርጉሙን አልተማርነውም። ሁለተኛ፣ ቁርአን ከላይና ከታች ሐረካት አለው፤ «ሰ» ይሁን «ሲ» ይሁን «ሱ» ምልክቱ ይነግራችኋል። የማዳም ወረቀት ሐረካት የለውም። አረብ ለአረብ ሲጽፍ ምልክቱን ይተወዋል፣ አንባቢው ቃሉን ስለሚያውቀው። የኛ ልጅ ግን ያለ ሐረካት አንብባ አታውቅም።

እኔ ደግሞ ከሷ የማልሻል ስለሆንኩ ፎቶውን ይዤ ሰፈራችን ወዳሉት ሸህ ሄድኩ። ነህው ያስተማሩ፣ ኪታብ እንደ ውኃ የሚጠጡ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስልኬን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። የመጀመሪያው መስመር በኛ ፊደል ሲጻፍ እንዲህ ይላል፦

«አቢክ ትገስሊን አልመዋዒን አልሒን»

ሸሁ «አቢክ» ላይ ቆሙ። «ይሄ አባትሽ ነው የሚለው» አሉኝ። በፉስሃ፣ ማለትም በመጽሐፉ አረብኛ፣ እውነታቸውን ነው፤ «አብ» አባት ነው፣ «አቢክ» የአባትሽ ነው። ታዲያ አባቷ ከዕቃ ማጠብ ጋር ምን አገናኘው? ተያይተን ሳቅን። ቀጥለው «መዋዒን» ሲደርሱ ግን ፊታቸው በራ። ቁርአን ውስጥ «አልማዑን» የሚባል ሱራ አለ፤ ሙፈሲሮች ቃሉን ሲያብራሩ ጎረቤት ለጎረቤት የሚያውሰው የቤት ዕቃ፣ ድስት፣ ባልዲ፣ መጥረቢያ ይላሉ። «መዋዒን» የሱ ብዙ ቁጥር ነው። «አልሒን»ም እንዲሁ፤ «ሒን» በኪታብ ጊዜ ማለት ነው፣ ስለዚህ «ጊዜው» ማለት «አሁን» መሆን አለበት አሉ። ልክ ናቸው። በአባት ተጀምሮ በዕቃ የተጨረሰውን ዓረፍተ ነገር «ዕቃዎቹን አሁን እጠቢ» ብለን ዘጋነው።

በኋላ እንደገባኝ «አቢክ» በሪያድ «እፈልግሻለሁ፣ እንድታደርጊ እፈልጋለሁ» ማለት ነው። በፉስሃ «ኡሪድ» የሚባለው ሪያድ ላይ «አቢ» ወይም «አብገ» ነው። አረብ ሲጽፈው ከአባትሽ ጋር አንድ ይሆናል።

ሁለተኛው አስቸጋሪ መስመር «ሰክሪ አልጋዝ ገብል ማ ትናሚን» የሚል ነበር። መጀመሪያ ያለው ቃል ያለ ሐረካት አራት ፊደል ብቻ ነው፦ ሲን፣ ካፍ፣ ራ፣ ያ። «ሱከሪ» ብላችሁ ካነበባችሁት ስኳር በሽታ ነው። በኛ ጆሮ ደግሞ ስካር ይመስላል። በማዳም አፍ ግን «ሰክሪ» ማለት ዝጊ ነው። በፉስሃ ቢጻፍ «አግሊቂ» ይባል ነበር፣ ሸሁም ሳያመነቱ ያነቡት ነበር። ሌላው ወጥመድ «ማ» ነው። ኪታብ ላይ «ማ» ብዙ ጊዜ ማፍረሻ ስለሆነ «ሳትተኚ» ወይስ «አትተኚ» እያልን ተከራከርን። እዚህ ቦታ ላይ ግን «ማ» ምንም አያፈርስም፤ «ገብል ማ» አንድ ላይ «ከ...በፊት» ነው። «ከመተኛትሽ በፊት ጋዙን ዝጊ።» ይሄኛውን በመከራ አገኘነው።

ችግሩ የመጣው ቀላል ከመሰለን መስመር ነው፦

«ላ ትሑጢን አልክሎሮክስ መዕ አልፍላሽ»

ክሎሮክስ እነሱ ዘንድ በረኪና ነው። ፍላሽ ደግሞ የሽንት ቤት መቀመጫ የሚጸዳበት አሲድነት ያለው ፈሳሽ ነው። «ሐጠ» ማለት አስቀመጠ፣ አኖረ ማለት ነው ብለው ሸሁ ነገሩኝ፤ ይሄም ልክ ነው። ስለዚህ «በረኪናውንና ፍላሹን አንድ ላይ አታስቀምጪ» ብዬ ጻፍኩላት። በቃ፣ ግልጽ ነው። እሷም ታዛዥ ናት፤ በረኪናውን ከላይ መደርደሪያ፣ ፍላሹን ከታች አደረገች።

ከአሥር ቀን በኋላ የድምፅ መልእክት መጣ። እየሳለች ነው የምታወራው። ሽንት ቤቱን በፍላሽ ካሸች በኋላ ነጭ እንዲሆንላት በረኪና አፈሰሰችበት። ወዲያው የሚቆጠቁጥ ሽታ ወጣ፣ ዓይኗ አለቀሰ፣ ጉሮሮዋ ተዘጋ። ደግነቱ በሩ ክፍት ነበርና ሮጣ ወጣች። ማዳም መጥታ ጮኸችባት፤ «ጽፌልሽ የለ?» እያለች ወደ ፍሪጁ ትጠቁማለች።

በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ጠባብ፣ መስኮት የሌለው ሽንት ቤት ውስጥ ሲሆን ሳንባ ድረስ ይጎዳል። ምልክቱ ፈጣን ነው፦ ዋና ገንዳ አጠገብ የሚሸተውን ዓይነት ግን በጣም የሚያፍን ሽታ፣ የዓይን እንባ፣ የማይቆም ሳል። ያኔ የሚደረገው ለማጽዳት መሞከር ሳይሆን ጥሎ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት ነው። እሷ ይሄን አታውቅም፤ እኔም የነገርኳት ጠርሙሶቹን እንድትለያይ ነው።

የሳተው የት ነው? በሪያድ አረብኛ «ሐጠ» ሰፊ ቃል ነው። ዕቃ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥም፣ ሻይ ውስጥ ስኳር መጨመርም፣ ባልዲ ውስጥ በረኪና ማፍሰስም «ሐጠ» ነው። አማርኛችን እነዚህን ይለያያቸዋል፦ ማስቀመጥ፣ መጨመር፣ ማፍሰስ። ማዳም «አትጨምሪ» ብላለች፣ እኔ «አታስቀምጪ» አልኩ። ፉስሃ ላይ ቢሆን ማዳም የምትጽፈው «ላ ተኽሊጢ» ነበር፣ አትቀላቅዪ። እሱ ቃል ሌላ ትርጉም የለውም። ሸሁም እኔም አንሳሳትም ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው ጎረቤታችን ዘንድ የሄድኩት። ሪያድ ስምንት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት፤ አረብኛ አንድ ፊደል አታነብም። ፎቶውን ለማንበብ እኔ ፊደሉን እየቆጠርኩ ስጠራላት እሷ ድምፁን ሰምታ ትተረጉማለች። «ላ ት...ሑ...ጢን» ስል ገና ሳልጨርስ፣ «አታድርጊበት፣ አትጨምሪበት ማለቷ ነው!» አለችኝ። ዘጠኙን መስመር ቡናው ሳይፈላ ጨረስን። ሸሁ ያላወቁት አንድም ፊደል አልነበረም፣ እሷ የምታውቀው አንድም ፊደል አልነበረም። ሁለቱ አንድ ላይ ቢቀመጡ ግን ስህተቱ አይፈጠርም ነበር።

እሷ አንድ ሌላ ነገር አሳየችኝ። «ትሑጢን» መጨረሻ ላይ «ን» አለች። ሸሁን ይሄ «ን» አስቸግሯቸው ነበር፤ በነህው ሕግ «ላ» ለክልከላ ሲገባ «ን» መውደቅ አለባት። «ላ ተሑጢ» ከሆነ ትእዛዝ ነው፣ «አታስቀምጪ»። «ላ ተሑጢን» ከሆነ ግን ወሬ ነው፣ «አታስቀምጪም»። አማርኛ ላይም እኮ አንድ «ም» ናት የምትለያቸው። «አትሄጂ» ክልከላ ነው፣ «አትሄጂም» ነገሩን መናገር ነው። ሪያድ ላይ ግን «ን» ሳትወድቅ ክልከላ ይሆናል። ነህው የተማረ ሰው ይሄንን ሲያይ «ይቺ ሴት አረብኛ አትችልም» ሊል ይችላል። ትችላለች፤ የከተማዋን አረብኛ ነው የጻፈችው።

እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው፦ ለሄዱት እህቶቻችን አጫጭር የሥራ ቃላት ስናዘጋጅ፣ ወይም የተላከልንን ስንተረጉም፣ በየትኛው አረብኛ እንሥራ?

የሚቀናው መልስ «በሚነገረው» ነው። ምክንያቱም ማንም ማዳም ማድቤት ውስጥ በፉስሃ አታወራም። ፉስሃ የዜና፣ የመጽሐፍ፣ የኹጥባ ቋንቋ ነው። «አሕዲሪ» ብላችሁ ከላካችኋት፣ እዚያ ስትደርስ የምትሰማው «ጂቢ» ነው፤ ሁለቱም አምጪ ማለት ናቸው። «ደዒ» ብላ ከተማረች የምትሰማው «ሑጢ» ነው። በተግባር ያላት ጊዜ ደግሞ ጥቂት ነው። ማዳም አንዴ ትናገራለች፣ ሁለተኛ ስትደግመው ድምጿ ከፍ ይላል፣ ሦስተኛው ላይ ልጅቷ «የማትሰማ» ትባላለች። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ያለው ጭቅጭቅ ግማሹ ከዚህ ነው የሚመጣው ትላለች ጎረቤታችን።

ግን «የሚነገረው» የትኛው ነው? እዚህ ላይ ነው ቀላሉ መልስ የሚሰበረው። «አሁን» የሚለውን ብቻ ውሰዱ። በፉስሃ «አልኣን»። ሪያድ «አልሒን»። ጅዳ «ደሒን»። ቤይሩት «ሀለእ»። አራት ከተማ አይደለም፣ አንድ ቃል ነው። የሪያዱን ተምራ በመጨረሻ ሰዓት ቤይሩት የተመደበች ልጅ «ሀለእ» ስትሰማ ምን ታድርግ?

ከዚህ የባሰው አንድ ዓይነት ቃል ሆኖ ትርጉሙ የሚለያየው ነው። «ዔሽ» ካይሮና ጅዳ ላይ ዳቦ ነው። ኩዌት ላይ «ዔሽ» ሩዝ ነው። «ለበን» ካይሮ ላይ ወተት ነው፤ ሳዑዲ ላይ እንደ አሬራ የሚጠጣ ነው፤ ሊባኖስ ላይ እርጎ ነው። ለሕፃን «ለበን ስጪው» ተብላ የታዘዘች ልጅ ምን እንደምትሰጠው የሚወስነው ቋንቋውን የተማረችበት አገር ነው። ፉስሃው ግን የጸና ነው፦ «ሐሊብ» የትም ብትሄዱ ወተት ነው፣ «ኹብዝ» የትም ዳቦ ነው፣ «ሩዝ»ም የትም ሩዝ ነው። ካይሮ ላይ እንኳ «ሐሊብ» ብትል ሰው ይረዳታል፤ እንግዳ ትመስል ይሆናል እንጂ ሌላ ነገር አይሰጧትም።

ቤይሩት ላይ ደግሞ ክልከላው ራሱ ይለወጣል። የሳዑዲዋ ማዳም «ላ» ትላለች፣ ቁርአን ላይ የምናውቃት «ላ»። የቤይሩቷ ብዙ ጊዜ «ማ» ነው የምትለው፦ «ማ ትፍተሒ» ማለት አትክፈቺ ነው። «ላ»ን ብቻ የምትጠብቅ ጆሮ ይሄን «ክፈቺ» ብሎ ሊሰማው ይችላል። ክልከላ ሲሳት ደግሞ ከሌላው ስህተት ይለያል። «አምጪ» የሚለውን ያልሰማች ልጅ ምንም አታደርግም፣ ጉዳቱ ቁጣ ነው። «አትክፈቺ» የሚለውን «ክፈቺ» ብላ የሰማች ግን የተከለከለውን ትሠራለች።

ሦስተኛ አረብኛም አለ፣ እሱን ካልጠቀስኩ ተመላሾቹ ይስቁብኛል። ማዳሞች ራሳቸው ለሠራተኛ ሲናገሩ የሚሰባብሩት አረብኛ ነው። የፆታና የጊዜ ልዩነት የለውም፣ ሁሉም ነገር በ«ፊ» እና «ማፊ» ይሠራል። «ማፊ ሙሽኪላ»ን እኛም ሰፈር ድረስ አምጥተነዋል። ለመግባባት ጥሩ ነው፣ በሁለት ወር ይያዛል፣ የአክስቴ ልጅም አሁን አቀላጥፋ የምታወራው እሱን ነው። ነገር ግን «ማፊ ሩሕ» ማለት «አትሂጂ» ነው ወይስ «አልሄደችም» ነው? ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ ከሁኔታው ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ለወሬ ይሁን፣ ለማስጠንቀቂያ ግን አይሆንም።

የኔ አቋም እንግዲህ «ይሄኛው ይሻላል» የሚል አይደለም። መስመሩን በመስመር እንለየው ነው የምለው። የሚለየው ደግሞ ቃሉ የሚገባበት በር ነው፤ በጆሮ ነው ወይስ በዓይን? ከዚያ ቀጥሎ፣ ብትሳሳት ምን ትከፍላለች?

በጆሮ የሚገቡ የየዕለት ትእዛዞች በምትሄድበት ከተማ አነጋገር ይሁኑ። አምጪ፣ አስቀምጪ፣ ዝጊ፣ አጥፊ፣ ነይ፣ ቆዪ። ብዙ አይደሉም። ደግሞ መልካም ዜና አለ፦ «ጂቢ»ና «ሑጢ» ሪያድም ቤይሩትም ያው ናቸው፣ «ሰክሪ»ም እንዲሁ። «ጠፊ» ማለት አጥፊ ነው፤ የኛ «ጠፋ» የሱ ዘመድ ስለሆነ ማንም ልጅ አይረሳውም። ስለዚህ ግሡን በሚነገረው መማር ከተማ ብትቀይርም ያን ያህል አይጎዳትም።

የምግብና የዕቃ ስሞች በፉስሃ ይሁኑ። ምክንያቱን አይታችሁታል፤ «ዔሽ» እና «ለበን» ናቸው ምስክሮቼ። ከተማው የራሱ ስም ካለው ከጎኑ ይጻፍ፤ ፍሪጅ ለምሳሌ በፉስሃም በሳዑዲም «ሰላጃ» ነው፣ ቤይሩት ላይ «በራድ» ይሉታል። መጀመሪያ ግን የትም የሚሠራው።

ሰውን ሊጎዳ የሚችል ነገር፣ ማለትም በረኪና፣ ጋዝ፣ መድኃኒት፣ የሕፃን ምግብ፣ ኤሌክትሪክ ከሆነ በሁለቱም ይጻፍ። ፉስሃው ትርጉሙን ጠበብ አድርጎ ይይዘዋል፣ የከተማው ደግሞ ስትሰማው እንድታውቀው ያደርጋል። «ላ ተኽሊጢ» እና «ላ ትሑጢን መዕ» ጎን ለጎን ቢጻፉ ኖሮ፣ አንደኛው ሌላኛውን ያርመው ነበር።

«ይሄ ሁሉ ለዘጠኝ መስመር?» የሚል ይኖራል። ሸሁም ሌላ ክርክር አንስተውብኛል፣ ከባድ ክርክር ነው። «የከተማውን ወሬ ካስተማራችኋት የውሏን ወረቀት በምን ታንብብ?» አሉኝ። እውነት ነው፤ የሥራ ውል፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የመንግሥት መልእክት፣ ሁሉም በፉስሃ ነው የሚጻፈው። የማዳምን አነጋገር ብቻ የምታውቅ ልጅ ማዳም ያነበበችላትን ብቻ ነው የምታውቀው። ቁርአን በመቅራቷ ያገኘችው ፊደል ትልቅ ሀብት ነው፤ ከእሱ ላይ መቶ የፉስሃ ቃል ቢጨመርበት ውሏ ላይ ያለውን ደመወዝና ዕረፍት ራሷ ታገኘዋለች። ስለዚህ ፉስሃን አንተወው። ቦታውን ነው የምናስይዘው፦ ለወረቀት።

የጉዞ ሥልጠናውንም ሳልነካ ማለፍ አልችልም። አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቤት ሠራተኛ ሆኖ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ያዝዛል። ጥሩ ሕግ ነው። ኅዳር 2006 አካባቢ ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰዎቻችንን ጠርዛ ስትመልስ ያየነው ነገር ነው ወደዚያ የገፋን። ግን የአክስቴ ልጅ ሥልጠና ወስዳ ያመጣችውን ወረቀት አየሁት። ማን እንደሰጣት እዚህ አልጠቅስም። አረብኛው በአማርኛ ፊደል ነው የተጻፈው፣ «አልኣን»፣ «አሕዲሪ»፣ «ኡሪድ» ይላል። የት አገር እንደምትሄድ የሚጠይቅ የለም። ከአንድ ክፍል ውስጥ የሪያዷም፣ የቤይሩቷም፣ የኩዌቷም አንድ ወረቀት ይዘው ይወጣሉ። በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠፋል፤ እኛ ሀ፣ ሐ፣ ኀን በአንድ ድምፅ ስለምናነባቸው ወረቀቱ ላይ ትለያቸው እንጂ አፏ ላይ አንድ ይሆናሉ። ፊደሉን የምታውቅ የወሎ ልጅ ለምን በአረብኛው ፊደል አይሰጣትም? ሐረካት ተደርጎበት።

ሥልጠናው ወጪ ሳይጨምር የሚስተካከል ነገር ነው። በየወረዳው ተመላሾች አሉ። ከሪያድ የመጣች አንዲት ሴት አንድ ከሰዓት ብትቀመጥ ሃምሳ ትእዛዝ በድምፅ ትቀዳለች። ከቤይሩት የመጣች ሌላ ሃምሳ። ሸህ ወይም የነህው ደረሳ ደግሞ የፉስሃውን ጽሕፈትና ሐረካት ያስተካክላል። ልጅቷ የምትሄድበትን አገር ድምፅ ስልኳ ላይ ጭና ትሄዳለች።

እስከዚያው፣ ፎቶ ለሚላክላችሁ፣ እኔ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ማዳም የጻፈችውን አንብባ በድምፅ እንድትልክ በልጅቷ በኩል እለምናለሁ። ጽሑፉ ሐረካት የለውም፣ ድምፁ ግን አለው፤ «ሰክሪ» ይሁን «ሱከሪ» በአንድ ሰኮንድ ይለያል። ቀጥሎ ከዚያው ከተማ ለተመለሰ ሰው አሰማለሁ። ተርጉሜ ስልክላት ደግሞ «ገባሽ?» ብዬ አልጠይቅም፤ ሁሌም «አዎ» ነው መልሱ። «እስቲ ሽንት ቤት ስታጸጂ ምን ታደርጊያለሽ?» እላታለሁ። የመጀመሪያ ቀን ይሄን ጠይቄ ቢሆን «ፍላሹን ከታች መደርደሪያ አስቀምጣለሁ» ትለኝ ነበር፣ ስህተቴም እዚያው ይያዝ ነበር።

አማርኛውንም በድርጊት ነው የምጽፈው። አሁን ፍሪጁ ላይ፣ ከማዳም ወረቀት ጎን፣ በኔ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ፍላሽ ባፈሰስሽበት ቦታ በረኪና አታፍሺ። በረኪና ባፈሰስሽበትም ፍላሽ አታፍሺ። መጀመሪያ በብዙ ውኃ እጠቢው። በሩን ክፍት አድርጊ።» ከአንድ መስመር አራት ሆነ። ማዳም ረዘመ ብላ ይሆናል፣ ግን አላነሳችውም።

ባለፈው ሳምንት ስንደዋወል አንድ ነገር አጫወተችኝ። እኛ ወሎ ላይ ሰው ሲከፋው «አብሽር»፣ «አብሽሪ» እንላለን፣ አይዞሽ ለማለት። ኪታቡ ላይ ቃሉ «ደስ ይበልሽ፣ የምሥራች» ነው። ሪያድ ላይ ደግሞ ትእዛዝ ሲሰጥ የሚመለስ መልስ ነው፤ «እሺ፣ ተደርጓል በይው» እንደማለት። ማዳም እናቷ ታማባት ስታለቅስ አይታ፣ የኛዋ ልጅ ልታጽናናት «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ትላታለች። ማዳም እንባዋን ጠርጋ ቀና አለችና «ምንም አላዘዝኩሽም እኮ» አለቻት።

ከዚያ ሁለቱም ሳቁ አለችኝ። ከሄደች ጀምሮ አብረው ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው።